ትልልቆቹ ሻንጣዎች የሰው ናቸው፣ ትንሿ የእናንተ

አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየጎተተ ይሂድ እንጂ ሻንጣዎቹ የእሱ አይደሉም። በአንደኛው የእናት መድኃኒትና የወንድም ልጅ ጫማ አለ። በሌላው ደግሞ ጎረቤት «እባክሽ፣ ይህችን ብቻ» ብላ ያስያዘችው ፌስታል አለ፤ «ይህችን ብቻ» ተብሎ ደግሞ ከሁለት ኪሎ ያነሰ ነገር መጥቶ አያውቅም። ከአሜሪካ ለሚነሳ መንገደኛ በአየር መንገዳችን በአብዛኛው የሚፈቀደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው። እነሱ በስጦታና በአደራ ሲሞሉ ለባለቤቱ የምትቀረው የእጅ ሻንጣ ናት፤ እሷም ሰባት ኪሎ።

የገናና የጥምቀት ጉዞ እየተቃረበ ስለሆነ የዚህ ወር ጨዋታችን በዚህች ሻንጣ ላይ ይሁን። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ለቤተ ክርስቲያንም ለሠርግም ለለቅሶም ለቢሮም የሚሆን ልብስ በሰባት ኪሎ ይገባል ወይ? ይገባል። ግን አያያዙ አለው።

ባለፈው ጥር ከቨርጂኒያ ተነስታ አዲስ አበባ ከገባች አንዲት አንባቢያችን ጋር ዝርዝሩን አብረን ስለሠራነው፣ የእሷን ጉዞ እንደ ምሳሌ ልጠቀም። ፈቃዷን ሰጥታናለች፣ ስሟን ግን እንተወው። የገና ዋዜማ ጠዋት ገብታ በጥምቀት ማግስት ተመለሰች፤ ድፍን አሥራ አራት ቀን።

መጀመሪያ ያደረግነው ቁም ሳጥን መክፈት አልነበረም። ወረቀት ላይ ቀናቱን ጻፍን። በገባችበት ማታ ለገና ቅዳሴ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ትቆማለች። በማግስቱ ቤት ውስጥ ዶሮ አለ፣ እንግዳ አለ። የአክስቷ ባል በኅዳር አርፈው ስለነበር ለቅሶ መድረስ አለባት። ከዚያ የእህቷ ልጅ ሠርግ፣ ከሠርጉም በኋላ መልስ። አንድ ቀን ለውክልና ጉዳይ ውልና ማስረጃ፣ አንድ ቀን ባንክ። ሁለት ሌሊት ሐዋሳ። በመጨረሻም ከተራና ጥምቀት። የቀረው ቀን የቤት ለቤት ጥየቃ ነው፤ እሱ ደግሞ ቡና ላይ መቀመጥ ስለሆነ ልብስ አይመርጥም።

ልብስ ፊት ከቆሙ ሁሉም «ምናልባት» ነው። ምናልባት ይበርድ ይሆናል፣ ምናልባት እራት እንጋበዝ ይሆናል። ቀኑን ከጻፉ በኋላ ግን ጥያቄው ይለወጣል፤ ይህ ሸሚዝ ከእነዚህ ቀናት በየትኛው ይለበሳል? የእኔ መለኪያ ሦስት ነው። ቢያንስ ለሦስት የተለያየ አጋጣሚ የማይሆን ልብስ ቤቱ ይቀመጥ። ከዚህ ሕግ ነፃ የሆነው አንድ ልብስ ብቻ ነው፣ እሱም የሠርጉ ልብስ፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ስለ ቀለም። የውጭ አገር የጉዞ መጽሔቶች «ገለልተኛ ቀለም ምረጡ፣ ቤዥ፣ ክሬም፣ ግራጫ» ይላሉ። ለእነሱ ይሁንላቸው። ለእኛ ግን መሠረቱ ጥቁር ነው፤ ምክንያቱም ፋሽን አይደለም። ከውጭ የሚገባ ሰው ከኤርፖርት እንደወጣ መጀመሪያ የሚወሰደው ለቅሶ ቤት ሊሆን ይችላል። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ ቤተሰብ በስልክ መርዶ መናገር ይከብደዋል፣ «ስትመጪ ትሰሚዋለሽ» እንኳ አይልም። ሁሉም ደህና ነው ይባላል፣ ሰው ደስ ብሎት ይገባል፣ ቤት ሲደርስ ድንኳን ወይም የተሰበሰበ ዘመድ ይጠብቀዋል። እናት ልጇን «ጥቁር ነገር ይዘሽ ነይ» ብትላት ነገሩን መናገር ስለሚሆንባት ዝም ትላለች። ስለዚህ ለቅሶ እንዳለ ብናውቅም ባናውቅም፣ ከሻንጣችን ውስጥ በአምስት ደቂቃ ተነስቶ የሚለበስ፣ ከራስ እስከ እግር የለቅሶ ልብስ ሊወጣ ይገባል። የአንባቢያችን ለቅሶ የታወቀ ነበር፤ የማይታወቀው ግን ይበልጣል።

ጥቁር መሠረት ከሆነ ሌላው ቀላል ነው። ሱሪው፣ ጉርድ ቀሚሱ፣ ጫማው ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ይሆናል። ከላይ የሚለበሰው ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁርና አንድ ብቻ ደመቅ ያለ ቀለም፤ እሷ የወይን ጠጅ ቀለም መረጠች። ሁለተኛ ደማቅ ቀለም ከገባ ሒሳቡ ይበላሻል። ሐምራዊው ከወይን ጠጁ ሹራብ ጋር አይሄድም፣ ስለዚህ ሌላ ሹራብ ይጠራል፣ ሹራቡ ደግሞ ሌላ ሻርፕ ይጠራል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ታጥቦ ታጥቦ ወደ ቡኒ ያደላል፣ አንዳንዱ ወደ ሰማያዊ። በቤት መብራት አይለይም፣ በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ግን ከሩቅ ይታያል። ሁለቱን ይዛችሁ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን እዩአቸው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከታች የሚለበስ ሦስት ነበራት፤ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ግራጫ ቀላል ሱሪ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥቁር ጉርድ ቀሚስ። ከላይ የሚለበስ አራት፤ ነጭ ሸሚዝ፣ የወይን ጠጅ ሸሚዝ፣ ጥቁር ስስ እጀ ረጅም፣ ግራጫ ስስ የሱፍ ሹራብ። ሦስት ሲባዛ በአራት አሥራ ሁለት ይሆናል። ግን አሥራ ሁለት የሚሆነው እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሲሄድ ብቻ ነው። አንዱ ሸሚዝ ከአንድ ሱሪ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ አሥራ ሁለት የነበረው ወደ አሥር ወረደ ማለት ነው፤ ያ ሸሚዝ ግን ቦታ የሚይዘው እንደ ሌሎቹ እኩል ነው። ስለዚህ አልጋ ላይ ዘርጉት። ሦስቱን ከታች፣ አራቱን ከላይ ደርድሩና አንድ በአንድ አገናኟቸው። ሲገናኝ ፊታችሁን የሚያስጨፍግ ካለ በዚያው ሰዓት ይውጣ። አንባቢያችን እዚህ ላይ የምትወደውን አበባ ያለበት ሸሚዝ አስወጥታለች፤ ከግራጫው ሱሪ ጋር አልሆነም፣ ለለቅሶም አይሆንም። ትንሽ አኩርፋ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ጥቁር ቀሚስ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ እጅ ያለው፣ ጌጥ የሌለው። ይህ ቀሚስ የሻንጣው ምሰሶ ነው። ለቅሶ ቤት እንዳለ ይለበሳል። ከግራጫው ሹራብ ጋር ውልና ማስረጃ ይሄዳል። የመልሱ ማታ ደግሞ የአንገት ወርቅና የጆሮ ጉትቻ ሲጨመርበት ያው ቀሚስ መሆኑን የሚያስታውስ የለም። ጌጥ ግራም ነው፣ ልብስ ኪሎ ነው።

ጉርድ ቀሚሱን ብዙ ሴቶች ይረሱታል፤ እዚህ አገር ሱሪ ስለለመድን። ቤተ ክርስቲያን በሱሪ አይገባም፣ በለቅሶም በዕድሜ የገፉ ዘመዶች ፊት ጉርድ ይሻላል። ደግሞ ለሌሊት ቅዳሴ ከሥሩ ወፈር ያለ ታይት ይለበሳል፤ ማንም አያየውም፣ እግር ግን አይበርደውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በጥር ቀን ቀን ፀሐዩ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዲግሪ ይደርሳል፣ ሌሊት ግን ከአሥር በታች ይወርዳል። ቤቶች ማሞቂያ የላቸውም። ከዱባይና ከኩዌት ለሚሄዱ አንባቢዎቻችን ይህን ጎላ አድርጌ ልናገር፤ ከሁሉም በላይ ብርድ የሚመታችሁ እናንተን ነው፤ እዚያ ጃኬት የሚባል ነገር ስለሌላችሁ።

ለዚህ ብርድ ወፍራም ካፖርት አይያዝም። ብርዱ የሚመጣው ጠዋትና ማታ ስለሆነ መልሱ መደራረብ ነው። ስስ የሱፍ ሹራብ፣ በላዩ ከፊት የሚቆለፍ ሹራብ፣ በላዩ ተጠቅልሎ እጅ ውስጥ የሚገባ ላባ የተሞላ ቀላል ጃኬት። ረፋድ ላይ አንድ ይወልቃል፣ ምሳ ሰዓት ሌላው። በጥር ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ስትነሱ በረዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ካፖርቱን ለብሳችሁ ኤርፖርት ድረሱና ላደረሳችሁ ሰው መኪና ውስጥ ተዉት። ስትመለሱ ይዞት ይምጣ። ካፖርት አሥራ አራት ቀን አገር ቤት በር ኋላ ተሰቅሎ ከሚከርም መኪናው ውስጥ ይክረም።

ነጠላን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚሠራው እሱ ነውና። አንድ ነጠላ ሦስት መቶ ግራም አይሞላም፤ ግን በአለባበሱ ብቻ ለየአጋጣሚው ይለወጣል። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል። ለለቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ በትከሻና በአንገት በኩል ይሆናል። ለደስታ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። አውሮፕላን ውስጥ ብርድ ልብስ ነው፣ መኪና ውስጥ የአቧራ መከላከያ ነው፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የፀሐይ መከላከያ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ጥለቱ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ያለን ነጠላ የሠርግ ነው፣ ጥለቱ ወርቅማ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፤ ያንን ይዞ ለቅሶ ቤት መግባት ያሳፍራል። ለጉዞ የሚመረጠው ጠበብ ያለ፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ ነው። ለሁሉም ይሆናል። ይህ ነጠላ በትልቁ ሻንጣ ሳይሆን በትከሻ ቦርሳችሁ ውስጥ ይሁን፤ ትልቁ ሻንጣ ቢዘገይ የገና ሌሊት ያለ ነጠላ እንዳታድሩ።

የሠርጉን ልብስ እንግዲህ። ከውጭ ይዞ መሄድ አይመከርም፤ ሀበሻ ቀሚስ ከነነጠላው ከኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ጥልፉም በመታጠፍ ይጎዳል። ደግሞ ቤተሰብ አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፍቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ካልተሰፋ ሽሮ ሜዳ ሄዶ የተዘጋጀ መግዛት ነው። እዚህ ላይ ቀኑን አስሉ። በነቢያት ጾም ሠርግ ስለማይደረግ ጾሙ እንደተፈታ የሠርጉ ወቅት ይከፈታል፣ ጥምቀትም ደርሷል፤ ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ልብስ ሰፊው ሁሉ ሥራ በሥራ ነው። «በሦስት ቀን ይደርሳል» ቢሏችሁ አትመኑ። ወይ ልካችሁን ከወር በፊት ለእህት በስልክ ልካችሁ ታሰፋላችሁ፣ ወይ የተዘጋጀውን ገዝታችሁ ርዝመቱን ብቻ ታስተካክላላችሁ። ልክ ስትልኩ የደረት፣ የወገብ፣ የዳሌ፣ ከትከሻ እስከ መሬት፣ የእጅ ርዝመት፤ ከትከሻ እስከ መሬት ያለው ደግሞ ሠርጉ ላይ በምታደርጉት ጫማ ቁመት ይለካ። አንባቢያችን ያደረገችው ይህንን ነበር፣ ቀሚሷም ደርሶ ጠበቃት። ያው ቀሚስ ለጥምቀትም ሆናት፣ ስለዚህ ከሕጉ ነፃ ያልነው ልብስ እንኳ ሁለት ቀን ሠርቷል።

ጨርቅ ስትመርጡ ሁለት ፈተና አለ። የመጀመሪያው የመጨማደድ ነው። ጫፉን በጡጫችሁ ጨብጣችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙት፣ ልቀቁት። መስመሩ ቁልጭ ብሎ ከቀረ ሻንጣ ውስጥም እንዲሁ ይሆናል። ተልባ እግር የሚባለው ሊነንና ስስ ጥጥ ሸሚዝ እዚህ ይወድቃሉ። ሁለተኛው የማድረቅ ፈተና ነው፣ እሱን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ከጉዞው በፊት አንድ ማታ ልብሱን መታጠቢያ ቤት በእጃችሁ እጠቡት፣ ስቀሉት፣ ጠዋት ንኩት። ስፌቱና ክሳዱ ገና እርጥብ ከሆነ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ጂንስ በዚህ ምክንያት ይቀራል፤ ብቻውን ስድስት መቶ ሰባት መቶ ግራም ይመዝናል፣ ለመድረቅም አንድ ቀን ሙሉ ይፈልጋል። ስስ የሜሪኖ ሱፍ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ሽታ ቶሎ አይዝም፣ ስለዚህ ሦስት አራት ቀን አየር እያገኘ ይለበሳል። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ ነገር ግን ከአንድ ቀን በኋላ ብብቱ ይሸታል። ከሁለቱ የተቀላቀለ ካገኛችሁ መልካም ነው።

አጠባው ራሱ ከባድ አይደለም። በአምስተኛውና በአሥረኛው ቀን አካባቢ ትልቅ አጠባ፣ በመካከሉ ካልሲና የውስጥ ልብስ ማታ ማታ። በእጅ የታጠበውን ከጨመቃችሁ በኋላ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አንድ ላይ ጠቅልሉና በጉልበት ተጫኑት፤ ፎጣው ውሃውን ስለሚጠጣው የማድረቂያው ጊዜ በጣም ያጥራል። በጥር ዝናብ ስለሌለ ጠዋት የተሰጣ ቀላል ልብስ ከሰዓት ይደርሳል። ጥቁሩን ግን ገልብጣችሁ ጥላ ውስጥ ስጡት፤ የደጋ ፀሐይ ጥቁርን ቶሎ ያገርጣል። የውሃውን ፈረቃም ጠይቁ። በብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በተወሰነ ቀን ነው፤ አጠባውም በእሱ ይወሰናል እንጂ በእናንተ አይወሰንም። ደግሞ አንድ ምክር፤ የእናት ቤት ከሆነ ልብሳችሁን ማታውኑ ራሳችሁ እጠቡት። ጠዋት ድረስ ካቆያችሁት እማማ ታጥበዋለች፣ ምናልባትም በበረኪና።

ጫማ ሁለት ነው፣ ሦስተኛ የለም። ከባዱ እግር ላይ ይሄዳል፣ ቀላሉ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። እሷ አድርጋ የሄደችው ጥቁር፣ ነጭ ሶል የሌለው ስኒከር ነበር። ነጭ ሶል በአዲስ አበባ አቧራ ከአንድ ቀን አያልፍም፣ ጥቁሩ ግን ከሱሪ ጋር ቢሮም ያስገባል። ሻንጣ ውስጥ የገባው ተረከዙ ዝቅ ያለ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው፤ ለለቅሶ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ። ማሠሪያ የሌለው እንዲሆን ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማ ይወልቃል፣ ከሌሊት ቅዳሴ በኋላ በጨለማ ጎንበስ ብሎ ማሠር ያስቸግራል። ስለዚህም ካልሲ ቀዳዳ የሌለው፣ ወፈር ያለ ይሁን። ረጅም ተረከዝ ይዞ መሄድ ለአንድ ማታ ስምንት መቶ ግራም መክፈል ነው፤ የሠርግ ድንኳን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሣር ወይም አፈር ላይ ነው የሚተከለው።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በልብሱ ሳይሆን በሻንጣው ነው። ጎማ ያላት ጠንካራዋ የእጅ ሻንጣ ባዶዋን ሦስት ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ከሰባት ኪሎ ላይ ሦስቱ ልብስ ሳይገባ አለቀ ማለት ነው። የአንባቢያችን ሻንጣ 2.9 ኪሎ ነበረች። ሌላ ሰው ጋር የነበረ ጎማ የሌለው፣ በጀርባ የሚታዘል ለስላሳ የጨርቅ ሻንጣ ተውሳ ስትመዝነው 0.9 ሆነ። ውስጡ የገባውን አንድ በአንድ መዘንነው። ጉርድ ቀሚሱ 350 ግራም፣ ግራጫው ሱሪ 350፣ ጥቁሩ ቀሚስ 400፣ ሦስቱ የላይ ልብሶች በአንድ ላይ 550፣ ነጠላው 280። የውስጥ ልብስና ካልሲ ለስድስት ቀን የሚበቃ 700፣ የሌሊት ልብስ 350፣ ታይቱ 200፣ ጫማው 450። የመታጠቢያ ዕቃ 500፣ ትንሽ የልብስ ሳሙናና ገመድ 100፣ መድኃኒት፣ ወረቀትና የስልክ ቻርጀር 700። ድምሩ 4.93 ኪሎ። በለስላሳው ሻንጣ ሲገባ 5.83 መጣ፣ ያውም ነጠላውን ጨምሮ። በጎማዋ ሻንጣ ቢሆን 7.83 ነበር፣ ካውንተር ላይ ማውጣት ይጀመራል። ጥቁሩ ሱሪ፣ የሱፉ ሹራብ፣ ባለ ቁልፉ ሹራብ፣ ጃኬቱና ስኒከሩ ሰውነቷ ላይ ስለነበሩ አይቆጠሩም።

ጎማ የግድ የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ ወገብ የሚያማችሁ በተለይ። ያን ጊዜ ከቀረው አራት ኪሎ ውስጥ ግራጫው ሱሪና አንድ ሸሚዝ ይቀነሱ፣ መታጠቢያ ዕቃው ወደ ትልቁ ሻንጣ ይግባ። የቤት ሚዛን ላይ መጀመሪያ ራሳችሁን፣ ከዚያ ሻንጣውን ታቅፋችሁ መመዘን ነው፤ ልዩነቱ የሻንጣው ክብደት ነው። ቤት ውስጥ 7.0 የሆነ ካውንተር ላይ 7.3 ሊሆን ስለሚችል ግማሽ ኪሎ አትርፉ። ከሌላ አየር መንገድ ጋር የሚሄድ ሰው ደግሞ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ይይ፤ የእጅ ሻንጣ ሕግ በየድርጅቱ ይለያያል።

አደራረደሩን ባጭሩ። ጫማው ከታች፣ ካልሲ በውስጡ ተወትፎ። ሱሪና ጉርድ ይጠቀለላሉ። ሸሚዞቹ አይጠቀለሉም፤ ጥቁሩ ቀሚስ ተዘርግቶ እነሱ መሐሉ ላይ ይቀመጡና እጅና ጫፉ በላያቸው ይታጠፋል፤ በዚህ መንገድ ቀሚሱ ራሱ ስለታም መታጠፊያ ሳይኖረው ይደርሳል። ፈሳሽ ነገር እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር ባልበለጠ ዕቃ፣ ሁሉም በአንድ ሊትር ግልጽ ፕላስቲክ። ተጨማሪ ባትሪ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ነው። ከላይ በመጨረሻ የሚቀመጠው ለለቅሶ የሚሆነው ነው፤ ሻንጣው መኪና ውስጥ እያለ ተከፍቶ እንዲወጣ።

ለወንዶች ነገሩ ይቀላል። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሶ መሄድ ነው፤ ኪሶቹም ሻንጣ ናቸው። ሁለት ሱሪ፣ አንዱ ከኮቱ ጋር የሚሄድ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንዱ የግድ ነጭ። ሁለት ስስ ሹራብ፣ አንድ ጥቁር ከረባት። ለቤተ ክርስቲያን ኩታ ወይም ጋቢ ከቤተሰብ ይገኛል፤ ጋቢ ከባድ ስለሆነ ከውጭ አይጫንም።

ሐዋሳ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ከተማዋ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ትሞቃለች። ለሁለቱ ሌሊት ጥቁር ግራጫውን ሱሪ፣ ነጩንና የወይን ጠጁን ሸሚዝ፣ ነጠላዋን በትከሻ ቦርሳ ይዛ ሄደች፣ የቀረውን ቤት ትታ። እህቷ በሁለት ሻንጣ ተከተለቻት። ሁለተኛው ቀን ማታ ድንገት የዘመድ ቤት እራት ተጠሩ፤ ነጩ ሸሚዝና የጆሮ ጉትቻው በቃት። ያልበቃት አንድ ነገር ቢኖር ሰንደል ጫማ ነው። ስኒከሩ ለሐይቅ ዳር ሞቃት፣ የቆዳው ጫማ ደግሞ ቤት ቀርቷል። እዚያው ገበያ ርካሽ ሰንደል ገዝታ ስትመለስ ለእህቷ ልጅ ተወችው። ዝርዝሩ ላይ ልጨምረው አስቤ ነበር፣ ግን ለሁለት ቀን ሦስተኛ ጫማ ከመያዝ እዚያው መግዛቱ አሁንም ይሻላል ብዬ ተውኩት።

ስትመለሱ ትልልቆቹ ሻንጣዎች ባዶ ይሆናሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ቆሎው፣ ቡናው ይጠብቃችኋል። ወደ አሜሪካ የምትመለሱ ከሆነ ዱቄት ነገር ሁሉ ትልቁ ሻንጣ ይግባ፤ በእጅ ሻንጣ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ፍተሻ ያስነሳል፣ በርበሬ ደግሞ ከተከፈተ ሻንጣው ሙሉ አለቀ። ሀበሻ ቀሚሱን ግን ከቅመሙ ጋር አትክተቱት፤ ሽታው ከጥልፉ አይወጣም። ጥልፉ ወደ ውስጥ ተገልብጦ፣ በንጹሕ አንሶላ ተጠቅልሎ በለስላሳው ሻንጣ ከእናንተ ጋር ይምጣ። ለእሱ ቦታ ለማግኘት ግራጫውን ሱሪና ታይቱን ለእህት ትታችሁ መምጣት ትችላላችሁ። አንባቢያችን ጥቁሩን ቀሚስም ልትተው ነበር፤ አክስቷ «ለብሰሽው ነው የመጣሽልኝ፣ ውሰጂው» ብለው መለሱላት።